ከስኳት በኋላ የሚመጣው ቅዳሜ ማታ

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የአዲስ አበባ ጂሞች ይሞላሉ፤ ሲመሽ ደግሞ ግሮሰሪዎቹና ሥጋ ቤቶቹ። በሁለቱም ቦታ የሚገኘው ሰው ብዙ ጊዜ አንድ ነው። ይህ ሰው ወራት ለፍቶ ጡንቻው አልወጣ፣ ቦርጩም አልጠፋ ሲለው መጀመሪያ የሚጠረጥረው የፕሮቲኑን ዱቄት ወይም የአሰልጣኙን ፕሮግራም ነው። እኔ ብሆን መጀመሪያ የምጠይቀው ቅዳሜ ማታ ስንት ጠርሙስ እንደጠጣና በስንት ሰዓት እንደተኛ ነው። መልሱ ያለው ከሞላ ጎደል እዚያ ነው።

አንድ 75 ኪሎ የሚመዝን ሰው እንውሰድ። ቅዳሜ 10 ሰዓት ላይ ስኳት ጀምሮ እግሩን በደንብ ሠራ። ከምሽቱ 1 ሰዓት ጀምሮ ከጓደኞቹ ጋር ተቀምጦ እስከ 5 ሰዓት ስድስት ቢራ ጠጣ፤ 6 ሰዓት ላይ ተኛ። 330 ሚሊ ሊትር የሚይዝና 5 በመቶ አልኮል ያለው አንድ ጠርሙስ ቢራ ውስጥ 13 ግራም ያህል ንጹሕ አልኮል አለ። ስድስቱ ጠርሙስ 78 ግራም ይሆናል፤ ለእያንዳንዱ የሰውነቱ ኪሎ ከአንድ ግራም በጥቂቱ ይበልጣል ማለት ነው። የሳይንስ ሰዎች የአልኮልን ጉዳት የሚለኩት በዚህ ዓይነት ስሌት ስለሆነ ቁጥሩን እንያዘው።

በኒውዚላንድ ማሲ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ወጣት ወንዶችን የጭናቸው ጡንቻ እስኪጎዳ ድረስ ካሠሩ በኋላ ልክ ይህንኑ መጠን፣ ለአንድ ኪሎ አንድ ግራም አልኮል፣ በቮድካ መልክ አጠጧቸው። በሌላ ጊዜ ደግሞ በሌላኛው እግራቸው ተመሳሳይ ሥራ ሠርተው አልኮል የሌለበት ጁስ ብቻ ጠጡ። ከ36 ሰዓት በኋላ ጉልበታቸው ሲለካ፣ አልኮል በጠጡበት ጊዜ የታየው የጉልበት መቀነስ በጁስ ጊዜ ከታየው የባሰ ነበር። ለእኛ ሰው 36 ሰዓት ማለት ሰኞ ጠዋት ነው። ሰኞ ደረጃ ሲወጣ እግሩ እምቢ የሚለው ስኳቱ ስለከበደ ብቻ አይደለም።

ምክንያቱ ምንድን ነው? ከባድ ሥራ የሠራ ጡንቻ በቀጣዮቹ ሰዓታት ከምግብ ባገኘው ፕሮቲን ራሱን እንደገና ይገነባል። ጡንቻ የሚያድገው ክብደቱን በምናነሳበት ሰዓት ሳይሆን በእነዚህ የዕረፍት ሰዓታት ነው፤ ብዙ ሰው ቅዳሜ ማታ ለመጠጥ የሚሰጠውም እነዚሁኑ ሰዓታት ነው። በ2014 የታተመ አንድ የአውስትራሊያ ጥናት ይህን ግንባታ በቀጥታ ለክቶታል። ከስፖርት በኋላ ፕሮቲን ወስደው አልኮል የጠጡት ሰዎች ፕሮቲን ብቻ በወሰዱበት ጊዜ ከታየው ጋር ሲነጻጸር ግንባታው በ24 በመቶ ቀነሰባቸው። ፕሮቲን ሳይወስዱ አልኮሉን ከካርቦሃይድሬት ጋር ሲወስዱ ደግሞ በ37 በመቶ ቀነሰ። መጠኑ ከፍተኛ ነበር፤ በእኛ ሰው ክብደት ሲሰላ ከስምንት ጠርሙስ ተኩል በላይ ነው። ቢሆንም ለብዙ ሰው እንግዳ የሆነ መጠን አይደለም። ከዚህ የምንረዳው «ፕሮቲኔን ጠጥቻለሁ፣ አሁን እንደልቤ» ማለት እንደማያዋጣ ነው። ፕሮቲኑ ጉዳቱን ያቃልላል እንጂ አያጠፋውም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። የማሲ ተመራማሪዎች ያንኑ ሙከራ በግማሹ መጠን፣ ለአንድ ኪሎ ግማሽ ግራም አድርገው ሲደግሙት በጉልበቱ ላይ ልዩነት አላገኙም። ለ75 ኪሎ ሰው ይህ ሦስት ጠርሙስ ያህል ነው። ሙከራዎቹ የተሠሩት በጥቂት ወንዶች ላይ ስለሆነ ቁጥሩን እንደ ፈቃድ ወረቀት መያዝ አይገባም። ሴቶች ደግሞ በሰውነታቸው ውስጥ ያለው የውሃ መጠን አነስ ስለሚል፣ ክብደታቸው ከወንዱ ጋር እኩል ቢሆን እንኳ በአንድ ዓይነት መጠን ደማቸው ውስጥ የሚገኘው አልኮል ከፍ ይላል፤ ስለዚህ የነሱ ወሰን ከዚህ ያንሳል። ያም ሆኖ መልእክቱ ግልጽ ነው። ለጡንቻ ሲባል በስድስትና በሦስት መካከል ያለው ልዩነት በሦስትና በዜሮ መካከል ካለው ይበልጣል። ጨርሶ መተው የከበደው ሰው ከዚህ ቢጀምር ብዙ ያተርፋል።

እንቅልፍ ግን እንዲህ ቸር አይደለም። ጉበት አልኮልን የሚያቃጥለው በራሱ ፍጥነት ነው፤ ቡናም ሆነ ቀዝቃዛ ሻወር አያፈጥነውም። በአማካይ በሰዓት 8 ግራም ያህል ብንል፣ 78 ግራሙ ተቃጥሎ ለማለቅ አሥር ሰዓት ግድም ይፈልጋል። ምሽት 1 ሰዓት የተጀመረው መጠጥ ከደም ተጠርጎ የሚወጣው ሊነጋ ሲል 11 ሰዓት ላይ ነው። ሰውየው 6 ሰዓት ላይ ሲተኛ ወዲያው ጭልጥ ይላል፤ የሌሊቱ የመጀመሪያ አጋማሽም ከባድ እንቅልፍ ነው። «ቢራ ያስተኛኛል» የሚባለው በዚህ የተነሳ ነው። ዕዳው የሚመጣው በሁለተኛው አጋማሽ ነው። አልኮሉ እየለቀቀ ሲሄድ እንቅልፉ ይሳሳል፣ ልብ ይመታል፣ ሽንት ይመጣል። 10 ሰዓት ላይ አፉ ደርቆ የሚነቃውና ከዚያ በኋላ የሚገላበጠው ለዚህ ነው።

ከአራት ሺህ በላይ የፊንላንድ ሠራተኞችን የልብ ምት በእንቅልፍ ሰዓት የለካ በ2018 የታተመ ጥናት፣ በመጀመሪያዎቹ ሦስት የእንቅልፍ ሰዓታት ሰውነት ምን ያህል እንደሚያርፍ መዝግቧል። ለእኛ ሰው አንድ ጠርሙስ ያህል በሚሆን ትንሽ መጠን እንኳ ዕረፍቱ በ9 በመቶ ገደማ ቀንሷል። ሦስት ጠርሙስ በሚያህል መካከለኛ መጠን በ24 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ሲሆን ደግሞ በ39 በመቶ ወርዷል። ወጣትነትም፣ ስፖርተኛ መሆንም ከዚህ አላዳነም። እዚህ ላይ የሚጠቅመው ከቁጥሩ በተጨማሪ ሰዓቱ ነው። ያው ሰው ሦስት ብቻ ጠጥቶ ቢሆን 39 ግራሙ በአምስት ሰዓት ያልቃል፤ ከ1 ሰዓት ጀምሮ ሲቆጠር 6 ሰዓት ላይ ትራስ ሲነካ ደሙ ከሞላ ጎደል ንጹሕ ነው። ሦስቱን 4 ሰዓት ላይ ቢጀምራቸው ግን አልኮሉን ይዞት ይተኛል።

የቦርጩን ጉዳይ ብዙ ሰው በተሳሳተ መንገድ ይረዳዋል። ቢራው ራሱ ወደ ስብ ተለውጦ ሆድ ላይ የሚቀመጥ ይመስለዋል። በበርክሌይ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በተሠራ ጥናት ወንዶች 24 ግራም አልኮል፣ ማለትም ሁለት ጠርሙስ ቢራ የማይሞላ መጠን ሲጠጡ፣ ከአልኮሉ ወደ ስብ የተለወጠው ከ5 በመቶ በታች ነበር። ይልቁንም ሰውነታቸው ስብ የሚያቃጥልበት ፍጥነት በ73 በመቶ ወረደ። አልኮል የሚከማችበት ቦታ ስለሌለው ሰውነት እሱን ቀድሞ ለማስወገድ ሌላውን ያቆያል። በዚያ ሰዓት አብሮ የገባው የጥብሱ ስብና ቅቤው ሳይነካ ይቀመጣል። ጠጥቶ የተቀመጠ ሰው ደግሞ ሳያስበው ብዙ ይበላል።

ሒሳቡን እንሥራው። ሰውየው ከሰኞ እስከ ዓርብ በየቀኑ 300 ካሎሪ ቀንሶ በላ እንበል፤ በአምስት ቀን 1500 ካሎሪ ተረፈው። አንድ ቢራ 140 ካሎሪ ያህል ስላለው ስድስቱ 840 ይሆናሉ። 5 ሰዓት ላይ የታዘዘው ጥብስ ከነእንጀራው 700 ቢሆን፣ የአምስት ቀኑ ትዕግሥት በአንድ ምሽት አለቀ። ብዙዎች «እኔ ብቻ ነኝ የማልቀንሰው» የሚሉት ይህን ሳይደምሩ ነው።

እንግዲህ ከስድስት ወደ ሦስት እንዴት ይወረዳል? ከባዱ ነገር ብዙ ጊዜ ጥማቱ ሳይሆን ዙሩ ነው። አምስት ሰው ሲቀመጥ እያንዳንዱ አንድ ዙር ይጋብዛል፤ ሳይታሰብ አምስት ጠርሙስ ሆነ። ለመቀነስ የፈለገ ሰው የመጀመሪያውን ዙር ራሱ ቢጋብዝ ጥሩ ነው፤ ግዴታውን ስለተወጣ ኋላ እምቢ ሲል ንፉግ አይባልም። ባዶውን ጠርሙስ አስተናጋጁ እንዳያነሳው ይንገረው፤ ስንት እንደደረሰ ዓይኑ ያየዋል። በየቢራው መካከል አምቦ ውሃ በሎሚ ያዝዝ፤ እጁ ላይ ብርጭቆ ያለውን ሰው ማንም «ባዶህን ነህ» ብሎ አይጨቀጭቀውም። ማልት በምትኩ የሚያዝ ስኳሩን አይርሳ።

«በሞቴ» ለሚል ጓደኛ የሚሰጠው መልስ ከቤት ሲወጣ የተዘጋጀ መሆን አለበት። «መድኃኒት እየወሰድኩ ነው» የሚለው የተለመደ ማምለጫ ለአንድ ሳምንት ብቻ ይሠራል። «ሰኞ እግር እሠራለሁ፣ ዛሬ ሦስት ነው የምጠጣው» ብሎ እውነቱን አንዴ መናገር ይሻላል፤ ሁለት ሦስት ቅዳሜ ከተደገመ ጓደኞቹ ራሳቸው ይቆጥሩለታል። ምግቡም ከመጀመሪያው ቢራ በፊት ይምጣ፤ በባዶ ሆድ የተጠጣ አልኮል በፍጥነት ወደ ደም ይገባል፣ የመጀመሪያው ጠርሙስም ቶሎ ያልቃል። ከባዱን የእግር ሥራ ከቅዳሜ ወደ ማክሰኞ ማዛወርም ምንም የማያስከፍል መፍትሔ ነው።

ጠጅና አረቄ ለሚጠጣ ሰው ቆጠራው ይከብዳል፤ ቤት የተሠራ መጠጥ ጥንካሬው አይጻፍበትም፣ ከቤት ቤትም ይለያያል። አረቄ 45 በመቶ ከሆነ 100 ሚሊ ሊትሩ ውስጥ 35 ግራም ያህል አልኮል አለ፤ ሦስት ቢራ የሚጠጋ ማለት ነው። በቁጥር መቀነስ የፈለገ ሰው ልኩ የተጻፈበትን መጠጥ ቢመርጥ ይቀለዋል።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ቅዳሜን ጠብቆ ለሚጠጣ ሰው ነው። በየቀኑ ብዙ የሚጠጣ፣ ጠዋት ሳይቀምስ ሲቀር እጁ የሚንቀጠቀጥና የሚያልበው ሰው ግን በአንድ ቀን በራሱ እንዲያቆም አልመክርም። በድንገት ማቆም በመጀመሪያዎቹ ቀናት መንፈራገጥ፣ የሌለ ነገር ማየትና መቃዠት ሊያስከትል፣ እስከ ሞትም ሊያደርስ ይችላል። እንዲህ ያለ ወንድም፣ አባት ወይም ጓደኛ ካላችሁ ከማቆሙ በፊት ሐኪም ዘንድ ውሰዱት፤ እነዚያን ቀናት በመድኃኒት አረጋግቶ የሚያሳልፍ ሕክምና አለ።