መጀመሪያ ሳምንቱ፣ ቀጥሎ ቀኑ፣ በመጨረሻ ሰዓቱ

እ.ኤ.አ. ኦገስት 10 ቀን 2022 (ነሐሴ 4 ቀን 2014 ዓ.ም.)፣ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል ላይ የአሜሪካ የዋጋ ንረት መግለጫ ወጣ። ገበያው የጠበቀው 8.7 በመቶ ነበር፤ የወጣው ግን 8.5 ሆነ። ከ1.02 ዶላር ብዙም ያልራቀው ዩሮ ወዲያው ተተኮሰና በዚያው ዕለት 1.0368 ደረሰ። የሰዓት ቻርት ብቻ ከፍቶ ለተቀመጠ ሰው ከዚህ የበለጠ የመግዣ ምልክት የሚኖር አይመስልም። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ግን ዩሮው ከ1.00 በታች ወርዶ ነበር።

ያን ቀን የገዛውን ሰው ያሳሳተው የሰዓቱ ቻርት አይደለም። ዋጋው በእርግጥ እየወጣ ነበር፤ ቻርቱም ያሳየው ይህንኑ ነው። ስህተቱ የሰዓት ቻርት ሊመልሰው የማይችለውን ጥያቄ መጠየቅ ነው። ልግዛ ወይስ ልሽጥ የሚለውን የሚወስነው ሳምንቱ ነው። የት አካባቢ የሚለውን ቀኑ ይመልሳል። ለሰዓቱ የሚቀርለት መቼ ልግባ፣ ከተሳሳትኩስ የት ልውጣ የሚለው ብቻ ነው። የሥነ አእምሮ ሐኪምና ነጋዴ የሆነው አሌክሳንደር ኤልደር በ1980ዎቹ ያስተዋወቀው የሦስት ማያ ዘዴም በዚሁ ቅደም ተከተል ላይ የቆመ ነው። እንዴት እንደሚሠራ በዚሁ በዩሮው እንየው።

ሳምንታዊው ቻርት ላይ አንድ ካንድል የአንድ ሳምንት ግብይትን መክፈቻ፣ መዝጊያ፣ ከፍታና ዝቅታ ይይዛል። በ2022 የዩሮው ትልልቅ ከፍታዎች በየተራ እየወረዱ ነበር፤ በፌብሩዋሪ 1.1495፣ በማርች መጨረሻ 1.1185፣ በሜይ መጨረሻ 1.0787። ዝቅታዎቹም እንዲሁ፤ በማርች 1.0806፣ በሜይ 1.0350፣ በጁላይ 0.9952። ከፍታውም ዝቅታውም ሲወርድ አዝማሚያው ቁልቁል ነው። ለማረጋገጫ የ20 ሳምንት ተንቀሳቃሽ አማካይ ቢጨመር፣ እሱም ወደ ታች አዘንብሎ ዋጋው ከሥሩ ነበር። ምክንያቱም የአንድ ቀን ወሬ አልነበረም፤ የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ ከማርች ጀምሮ ወለድ ሲያሳድግ፣ አውሮፓ ደግሞ የሩሲያ ጋዝ እየቀነሰባት ነበር። እንግዲህ ከሳምንቱ የሚወጣው ፍርድ አንድ ነው፦ መሸጥ፣ ካልሆነም መቀመጥ። መግዛት ከዝርዝሩ ይሰረዛል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሰናከልበት ነገር አለ። ሳምንታዊው ካንድል የሚዘጋው ዓርብ የኒውዮርክ ገበያ ሲያበቃ ነው፤ በእኛ ሰዓት ሌሊት 6 ሰዓት፣ በአሜሪካ ክረምት ደግሞ 7 ሰዓት ላይ። ረቡዕ ዕለት የሚታየው ካንድል ገና እየተሠራ ያለ ነው። ረቡዕ አረንጓዴ ሆኖ ታይቶ ዓርብ ቀይ ሆኖ ሊዘጋ ይችላል። ስለዚህ አቅጣጫው የሚነበበው ከተዘጉት ካንድሎች ብቻ ነው። ንባቡም ቅዳሜ ወይም እሁድ፣ ገበያው ዝግ ሆኖ ልብ ሲረጋጋ ተሠርቶ በወረቀት ቢሰፍር ይሻላል።

አሁን ወደ ዕለታዊው ቻርት እንውረድ። ከጁላይ 14 ጀምሮ ለአራት ሳምንታት ያህል ዩሮው ከ0.9952 ወደ ላይ ሲሳብ ነበር። ቀኑ ከሳምንቱ ጋር ተጣላ ማለት ነው። ጀማሪ ሰው ይህን ሲያይ ይደናገጣል፤ ዘዴው ግን የሚፈልገው ይህንኑ ጠብ ነው። በሚወርድ ገበያ ውስጥ ለመሸጥ የተሻለው ጊዜ ዋጋው ለጥቂት ሳምንታት ወደ ላይ ተመልሶ ሲደክም ነው፤ ከታች ላይ የሸጠ ሰው ይህ መመለስ ጠራርጎ ያስወጣዋል። የቀኑ ሥራ መመለሱ የት ሊያበቃ እንደሚችል ማሳየት ነው። በሜይ ዩሮውን ደግፎ የያዘው ወለል 1.0350 ነበር። በጁላይ ያ ወለል ተሰብሯል። የተሰበረ ወለል ዋጋው ከታች ሲመለስበት ብዙ ጊዜ ጣሪያ ይሆናል፤ እዚያ የገዙና ኪሳራ ላይ የቆዩ ሰዎች ገንዘባቸው ሲመለስላቸው ለመውጣት ስለሚሸጡ። የኦገስት 10 ዝላይ የቆመው እዚያው አካባቢ ነው።

ይህ ብቻውን ለመሸጥ አይበቃም። በዝላዩ መካከል የሸጠ ሰው ዋጋው የት እንደሚቆም አያውቅምና ማቆሚያውን የሚያስቀምጥበት ቦታ የለውም። የሰዓቱ ቻርት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። የምንጠብቀው ከፍታው እንዲከሽፍ፣ ከዚያም የሰዓቱ ቻርት ራሱ ዝቅታዎቹን እየሰበረ ወደ ሳምንቱ አቅጣጫ እንዲዞር ነው። ኦገስት 12፣ ዓርብ፣ ዩሮው ቁልቁል ወረደና ከ1.0270 በታች ዘጋ። ከሁለት ቀን በፊት ይጋጩ የነበሩት ሳምንቱና ሰዓቱ አሁን ተስማሙ።

በ1.0270 የሸጠ ሰው ስቶፕ ሎሱን ከዝላዩ ጫፍ በላይ 1.0390 ላይ ያደርጋል። ርቀቱ 120 ፒፕ ነው። ወደ ታች ያለው የመጀመሪያ ዒላማ 1.0000 ሲሆን 270 ፒፕ ይርቃል። የ1,000 ዶላር ሒሳብ ያለው ሰው ትንሹን የግብይት መጠን፣ 0.01 ሎት፣ ቢጠቀም አንዱ ፒፕ 10 ሳንቲም ዶላር ነው፤ ከተሳሳተ የሚያጣው 12 ዶላር ገደማ ይሆናል። የሰዓቱን ቻርት ትቶ ማቆሚያውን በሳምንቱ ከፍታ ላይ፣ 1.0800 ቢያደርግ ኖሮ ግን በተመሳሳይ መጠን 53 ዶላር፣ ከሒሳቡ ከ5 በመቶ በላይ ለአደጋ ያጋልጥ ነበር። ትንሹ ቻርት ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው፤ ትልቁን ሐሳብ በትንሽ ገንዘብ ለመሞከር ያስችላል። ኦገስት 22 ዩሮው 1.0000ን ሰብሮ ወረደ።

ዘዴውን የሚያበላሸው ዋናው ነገር ቅደም ተከተሉን መገልበጥ ነው። ሰው የሰዓቱን ቻርት አይቶ ልቡ ከወሰነ በኋላ ወደ ትልቁ የሚወጣው ሊጠይቅ ሳይሆን ድጋፍ ሊፈልግ ነው። ሳምንቱ እንቢ ካለው የአራት ሰዓቱን፣ እሱም ካልተስማማ የአሥራ አምስት ደቂቃውን ይከፍታል፤ ቻርት ሲበዛ ከመካከላቸው አንዱ የሚፈልገውን መናገሩ አይቀርም። ሦስት በቂ ነው። ሦስቱ ካልተስማሙ ንግድ የለም። ሳምንቱ ራሱ ከፍታና ዝቅታው ተደበላልቆ በጎን የሚሄድ ከሆነም፣ ከሥሩ ያሉት ሁለቱ ምንም ቢያሳዩ አቅጣጫ የሚሰጣቸው የለም።

ቅደም ተከተሉ በትክክል ቢጠበቅም ዘዴው ዋጋ ያስከፍላል፤ ሁልጊዜ ዘግይቶ ነው የሚደርሰው። ዩሮው የመጨረሻ ዝቅታውን፣ 0.9536ን፣ የነካው ሴፕቴምበር 28 ቀን ነው። የሳምንቱ ቻርት ግን አሁንም ሽጥ ይል ነበር። የመጨረሻው ከፍታ 1.0200 አካባቢ ስለነበር፣ እሱ ተሰብሮ ሳምንቱ ከላዩ እስኪዘጋ ድረስ ፍርዱን የሚቀይርበት ምክንያት አልነበረም። ያ የሆነው ኖቬምበር 11 ነው፣ የአሜሪካ ዋጋ ንረት 7.7 በመቶ መሆኑ በተነገረ ማግስት። በዚያን ጊዜ ዩሮው ከታች ወደ 800 ፒፕ የሚጠጋ ተነስቶ ነበር። ሦስቱን ቻርቶች አስማምቶ የሚነግድ ሰው ያን ሁሉ መንገድ አልተጓዘም፤ ዓርብ ሌሊት ካንድሉ ሲዘጋ መሸጥን ከዝርዝሩ ሰርዞ፣ ሰኞ ዕለታዊው ቻርት ላይ የሚመለስበትን ወለል መፈለግ ይጀምራል።