ሱፍ ሲለጠጥ ውስጡ ምን ይሆናል?

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1930ዎቹ በእንግሊዝ አገር፣ በሊድስ ዩኒቨርሲቲ፣ ዊልያም አስትበሪ የሚባል ሳይንቲስት የበግ ሱፍንና የሰው ፀጉርን በኤክስሬይ ያጠና ነበር። ፀጉሩ ሳይነካ ሲነሳ ፎቶው በየ0.51 ናኖሜትር የሚደጋገም ነገር እንዳለ ያሳያል። ያንኑ ፀጉር በእንፋሎት አርሶ እጥፍ ያህል እስኪሆን ሲስበው ግን የቀድሞው ምልክት ይጠፋና በየ0.33 ናኖሜትር የሚደጋገም ሌላ ምልክት ይተካል። አስትበሪ የመጀመሪያውን ቅርጽ አልፋ፣ የተለጠጠውን ቤታ አለው። ፕሮቲን የሚያጠኑ ሰዎች ዛሬም በእነዚህ ስሞች ይጠቀማሉ። ስሙን እንጂ ምክንያቱን ለማግኘት ግን ከአሥር ዓመት በላይ ፈጅቷል።

ምክንያቱ ያለው ሃይድሮጂን ትስስር በሚባለው መሳሳብ ላይ ነው። ፕሮቲን ማለት አሚኖ አሲዶች ተያይዘው የሠሩት ረጅም ሰንሰለት ነው። እያንዳንዱ አሚኖ አሲድ በሰንሰለቱ አካል ላይ ሁለት ነገር ይዞ ይመጣል፦ ከካርቦን ጋር የተጣበቀ ኦክስጅንና ከናይትሮጅን ጋር የተጣበቀ ሃይድሮጂን። ኦክስጅኑ ትንሽ አሉታዊ፣ ሃይድሮጂኑ ትንሽ አዎንታዊ ሙሌት አላቸው። ስለዚህ ናይትሮጅንና ኦክስጅን 0.29 ናኖሜትር ያህል ተቀራርበው መሃላቸው ሃይድሮጂን ሲገባ ይያያዛሉ። አንዱ ትስስር ብቻውን ደካማ ነው፤ ብዙ ሆነው ሲደረደሩ ግን ቅርጹን አጽንተው ይይዛሉ። አልፋንና ቤታን የሚለየው የትስስሩ ዓይነት አይደለም፤ ማን ከማን ጋር ይያያዛል የሚለው ነው።

በ12 አሚኖ አሲዶች እንየው። በአልፋ ሄሊክስ ሰንሰለቱ እንደ ጠመዝማዛ ደረጃ ይዞራል። የ1ኛው ኦክስጅን የ5ኛውን ሃይድሮጂን ይይዛል፣ የ2ኛው የ6ኛውን፣ እንዲህ እያለ የ8ኛው የ12ኛውን ይይዛል። ሁሌም አራት ቁጥር ወደፊት ነው። በጠቅላላው 8 ትስስር ይሆናል፤ በመነሻው አራት ሃይድሮጂን፣ በመጨረሻው አራት ኦክስጅን ጥንድ ሳያገኙ ይቀራሉ። አንድ ዙር 3.6 አሚኖ አሲድ ይፈጃል፣ እያንዳንዱም ቁመቱን በ0.15 ናኖሜትር ብቻ ይጨምራል። ስለዚህ 12ቱ ተጠምጥመው 1.8 ናኖሜትር ያህል ነው የሚረዝሙት። ትስስሮቹ ከሄሊክሱ ቁመት ጋር ትይዩ ናቸው፤ ሰንሰለቱ የሚይዘው ራሱን በራሱ ነው።

በቤታ ሺት ግን ሰንሰለቱ ይዘረጋል፤ እነዚያው 12 አሚኖ አሲዶች 4 ናኖሜትር ገደማ ይደርሳሉ። እንዲህ ሲዘረጋ አራት ቁጥር ወዲያ ያለው ዘመድ ይርቃል፤ ኦክስጅኑና ሃይድሮጂኑም ወደ ጎን ዞረው አጠገባቸው የተዘረጋውን ሌላ ሰንሰለት ይይዛሉ። ያ ጎረቤት ሌላ ፕሮቲን ሊሆን ይችላል፤ የዚያው ሰንሰለት ታጥፎ የተመለሰ ክፍልም ሊሆን ይችላል። በቁጥር ቢራራቁ ለውጥ የለውም፤ 10ኛው ከ90ኛው ጋር ሊጣመር ይችላል። ሁለቱ ሰንሰለቶች በተቃራኒ አቅጣጫ ሲሄዱ አንድ አሚኖ አሲድ ሃይድሮጂኑንም ኦክስጅኑንም ፊት ለፊቱ ካለው ጋር ያጣምራል። ቀጣዩ ደግሞ ፊቱን ወደ ሌላው ወገን ስለሚያዞር ሦስተኛ ሰንሰለት ይጠብቃል። በአንድ አቅጣጫ ሲሄዱ ግን አንዱ አሚኖ አሲድ በጎረቤቱ ላይ ያሉ ሁለት የተለያዩ አሚኖ አሲዶችን ይይዛል፤ ትስስሮቹም ዘመም ይላሉ።

ሄሊክሱን ያገኘው አሜሪካዊው ላይነስ ፖሊንግ ነው። በ1948 በኦክስፎርድ ታሞ ተኝቶ ሳለ ሰንሰለቱን በወረቀት ላይ ሥሎ፣ ትስስሮቹ እስኪገጥሙ ድረስ ወረቀቱን ያጥፍ ነበር። ውጤቱን ከሮበርት ኮሪና ከኸርማን ብራንሰን ጋር በ1951 አሳተመ። የካምብሪጆቹ ብራግ፣ ኬንድሩና ፔሩትስ ከእሱ በፊት ሞክረው ሳይሳካላቸው ቀርቷል። አንዱ ምክንያት በአንድ ዙር ሙሉ ቁጥር መኖር አለበት ብለው ማሰባቸው ነበር፤ 3.6 አልታሰባቸውም። ሁለተኛው ደግሞ አሚኖ አሲዶቹን የሚያገናኘው ክፍል እንደ ልብ የማይሽከረከር ጠፍጣፋ መሆኑን አለማስላታቸው ነው። ፖሊንግ ይህን ከኬሚስትሪ ያውቀው ነበር።

ግን አንድ ችግር ቀርቶ ነበር። በፖሊንግ ሞዴል አንድ ዙር 0.54 ናኖሜትር ይወጣል፤ የአስትበሪ ፎቶ ግን 0.51 ይላል። ፔሩትስ ጽሑፉን እንዳነበበ፣ ሞዴሉ ልክ ከሆነ በ0.15 ናኖሜትር የሚታይ ምልክት መኖር እንዳለበት ተረዳ፤ የፈረስ ፀጉር በኤክስሬይ አንስቶም አገኘው። የ0.51ን ነገር በኋላ ፍራንሲስ ክሪክ ፈታው፦ በፀጉር ውስጥ ሄሊክሶቹ እርስ በርስ ይጠማዘዛሉ፤ ስለሚያዘነብሉም በፀጉሩ ቁመት ሲለካ ዙሩ ያጥራል።

ሁሉም አሚኖ አሲድ ግን በዚህ አሰላለፍ አይስማማም። ፕሮሊን በሰንሰለቱ ውስጥ ናይትሮጅኑ ላይ ሃይድሮጂን የለውም፤ ቀለበት ስለሚሠራም እንደ ልብ አይታጠፍም። በሄሊክስ መሃል ሲገባ የአራት ቁጥር ሰልፉ ይቋረጣል፣ ጠመዝማዛውም ይጎብጣል ወይም ይሰበራል።

አሁን የአስትበሪ ፀጉር ምን እንደሆነ ማየት ይቻላል። እንፋሎቱ የሄሊክሱን ትስስሮች ያላላል፤ ውሃው ራሱ ኦክስጅኑንና ሃይድሮጂኑን ይሻማል። ሲሳብ ከ0.15 ወደ 0.33 የተዘረጋው ሰንሰለት ከጎረቤቱ ጋር ይያያዛል። ይሁንና ሰንሰለቶቹን ጎን ለጎን ያስተሳሰረው ጠንካራው የድኝ ድልድይ ብዙውን ጊዜ ስለማይበጠስ፣ ፀጉሩ ውሃ ውስጥ ሲለቀቅ ተመልሶ ይሰበሰባል፤ ትስስሮቹም ወደ አራት ቁጥር ሰልፋቸው ይመለሳሉ። ሐር ግን እንዲህ አይለጠጥም፤ ሰንሰለቱ በአብዛኛው ከመጀመሪያው በቤታ መልክ ተዘርግቶ የተደረደረ ነው።