በምስጋና ውስጥ የሚቀመጥ የነገ ጥያቄ

አንዲት የሂሳብ አያያዝ ተመራቂ ስለ ኦዲት ሥራ ለመረዳት ከአንድ አንጋፋ ባለሙያ ጋር ቡና ጠጣች እንበል። ምስጋናዋን ጨዋታው ሳይረሳ፣ በማግስቱ ትላክ፦

«ጋሼ፣ ትናንት ጊዜዎን ስለሰጡኝ ከልብ አመሰግናለሁ። የባንክ ሂሳብ ማስታረቅን በእጄ እየሠራሁ እንድለማመድ የመከሩኝን ዛሬ ጀምሬዋለሁ። ከወር በኋላ የደረስኩበትን እጽፍልዎታለሁ፤ ያኔ የሚከብደኝ ነገር ካለ ብጠይቅዎ ደስ ይለኛል።»

ምክሩ ተለይቶ መጠቀሱ በጥሞና ማዳመጧን ያሳያል። የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ደግሞ ዛሬ ምንም ሳይጠይቅ በሩን ገርበብ አድርጎ ይተወዋል። የሥራ ልምድ ማስረጃዋን አብራ ብታያይዝ ግን ምስጋናው ደጅ መጥናት ይመስላል።

ዋናው ነገር ቀጠሮው ነው፦ ወሩ ሲሞላ ሳትጽፍ ከቀረች የነገው ጥያቄ መነሻ ያጣል።