በአነስተኛ የበግ መንጋ የአውራ ልውውጥና የዝምድና እርባታ

በመንዝ ደጋ ገንዘብ ሲቸግር አስቀድሞ የሚሸጠው ፈጥኖ ያደገው ጠቦት ነው፤ ለአውራነት የሚቀረው ቀርፋፋው፣ ብዙ ጊዜም የነባሩ አውራ ልጅ ነው። በዝግ መንጋ የዝምድና እርባታ በየትውልዱ የሚጨምርበት መጠን እንዲህ ይሰላል፦

ΔF = 1/(8Nm) + 1/(8Nf)

Nm የአውራዎች፣ Nf የእናት በጎች ቁጥር ነው። አንድ አውራና 20 እናቶች ካሉ ጭማሪው 13.1 በመቶ ነው፤ እናቶቹ 40 ቢሆኑ እንኳ 12.8 በመቶ ብቻ ይሆናል። ማነቆው አውራው ነው።

እንዲህ ያሉ አራት ባለ 20 እናት መንጋዎች ዝምድና የሌላቸውን 4 አውራዎች ቢለዋወጡ ጭማሪው ወደ 3.3 በመቶ ይወርዳል። ልውውጡ የአውራው ሴት ልጆች ለጥቂያ ከመድረሳቸው በፊት፣ ማለትም በየዓመቱ፣ መፈጸም አለበት። ቀመሩ አውራዎቹ እኩል እንደሚያስወልዱ ስለሚገምት፣ በወል ግጦሽ አንዱ ከበረታ ትክክለኛው ጭማሪ ከዚህ ይበልጣል።