ሩጫው ሊጀመር ሃያ ደቂቃ ሲቀር

ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ መስቀል አደባባይ ደርሶ ደረጃውን መውጣትና መውረድ የሚጀምር ሰው ቁርስ በልቶ አይመጣም። ከቤት ሲወጣ ቤተሰቡ ተኝቷል፣ ምድጃው አልተለኮሰም፣ ከሩጫው በኋላ ደግሞ ሥራ ይጠብቀዋል። ስለ ስፖርተኛ አመጋገብ የሚሰጠው የተለመደ ምክር ግን «ከሩጫው ሦስት ሰዓት አስቀድመህ ብላ» የሚል ነው። ይህን ልፈጽም የሚል ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተኩል ተነስቶ ምግብ መሥራት ሊኖርበት ነው። እንዲህ ያለው ሰው ሌላ ነገር ነው ማወቅ ያለበት፦ በሃያ ደቂቃ ውስጥ ከጨጓራ ወርዶ የሚያገለግለው ምንድን ነው?

መልሱ የሚጀምረው ከማታው እራት ነው። ሰውነት ከእንጀራው፣ ከዳቦውና ከፓስታው ያገኘውን ስኳር ግላይኮጅን አድርጎ በሁለት ቦታ ያከማቻል፤ በጡንቻና በጉበት። የጡንቻው ክምችት ብዙ ነው፤ ስንተኛም ብዙም አይነካም። የጉበቱ ግን ትንሽ ነው። ሌሊቱን ሙሉ አንጎልን የሚመግበው ደግሞ እሱ ስለሆነ፣ ንጋት ላይ በእጅጉ ቀንሶ ይገኛል። ጡንቻ ያለውን ለሌላ አካል አያበድርም። ስለዚህ የጠዋት ሯጭ እግሩ ስንቅ አለው፤ የጎደለው የደም ስኳሩን ደልድሎ የሚይዝለት የጉበት ክምችት ነው።

ከዚህ ተነስተን ስናየው፣ እራቱን በደንብ የበላ ጤነኛ ሰው ለሰላሳ ወይም ለአርባ ደቂቃ ሶምሶማ ምንም መብላት አያስፈልገውም። ውኃ ይበቃዋል። ሩጫው ከአንድ ሰዓት ሲያልፍ ወይም ፍጥነት ያለው ልምምድ ሲሆን ግን ነገሩ ይለወጣል። ያኔም ቢሆን የሚፈለገው ከ20 እስከ 30 ግራም ካርቦሃይድሬት ነው። አንድ መካከለኛ ሙዝ ይህን ይሸፍናል። ትንንሾቹ ቴምሮች አራት ያህል ቢሆኑ፣ ወይም አንድ ሾርባ ማንኪያ ተኩል ማር ለብ ባለ ውኃ ቢበጠበጥ ያው ነው። ሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር የገባበት ሻይ ከግማሽ ሙዝ ጋርም ወደዚያው ይጠጋል፤ ከሁሉም ለቤታችን የሚቀርበው እሱ ይመስለኛል።

እነዚህን የሚያመሳስላቸው ቅባታቸው ትንሽ መሆኑና ጨጓራ ውስጥ ብዙ አለመቆየታቸው ነው። ቅባት፣ ፕሮቲንና ገለባ የበዛበት ምግብ ጨጓራ ውስጥ ይዘገያል። ሩጫ ስንጀምር ደግሞ ደም ከሆድ ዕቃ ወደ ጡንቻና ወደ ቆዳ ስለሚዞር መፈጨቱ ጭራሽ ይጓተታል። ማግሳት፣ ማቅለሽለሽ፣ የጎን ውጋት፣ መንገድ ላይ መጸዳጃ ቤት ፍለጋ መሯሯጥ ብዙ ጊዜ ከዚህ ይመጣሉ። በቅቤ የታሸ ፍርፍር፣ እንቁላል፣ ፉል በዘይት፣ አንድ ብርጭቆ ሙሉ ወተት፤ ሁሉም ለከሩጫ በኋላ ይቆዩ።

በሶን ለብቻው ላንሳው፤ ሯጭና በሶ በእኛ አገር ስማቸው አብሮ ይነሳልና። የተቆላ የገብስ ዱቄት ስለሆነ ብዙ ካርቦሃይድሬት አለው፤ ለሯጭ ጥሩ ምግብ ነው። ነገር ግን የገብስ ገለባ ውኃ ይዞ ያብጣል። አንድ ሰዓት ያህል ጊዜ ላለው ሰው ሁለት ሾርባ ማንኪያ በሶ በትልቅ ብርጭቆ ውኃ ቀጥኖ በማር ቢበጠበጥ ብዙ ሆድ ይቀበለዋል። ሃያ ደቂቃ ለቀረው ግን ወፍራሙ በሶ ከባድ ነው፤ በቅቤ የታሸው ጭኮ ከነጭራሹ አይታሰብም።

ጣፋጭ ነገር የሚወሰድበት ደቂቃም ለውጥ ያመጣል። ባዶ ሆድ ላይ ብዙ ስኳር ሲገባ ኢንሱሊን ይወጣና ስኳሩን ከደም ውስጥ ያነሳል። ከዚህ ላይ የሩጫው ጡንቻ የራሱን ድርሻ ሲጨምርበት፣ አንዳንድ ሰው በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ራሱን ያዞረዋል፣ ያልበዋል። ብዙውን ሰው አይነካውም፤ የነካውንም አብዛኛውን ጊዜ ቶሎ ይለቀዋል። ይህ የሚደርስበት ሰው የማሩን ውኃ ከተነሳ በኋላ ወዲያው ጠጥቶ ለግማሽ ሰዓት ከሚቀመጥ፣ ሰውነቱን እያሟሟቀ፣ ሩጫው አምስት ወይም አሥር ደቂቃ ሲቀረው ቢወስደው ይሻለዋል። እንቅስቃሴ ሲጀመር የኢንሱሊኑ መውጣት ይገታልና።

ውኃ ሲነሱ አንድ ብርጭቆ፣ ከመውጣት በፊት ካስጠማ ግማሽ ብርጭቆ በቂ ነው። ሊትር ሙሉ አንዴ መጋት ሆድ ውስጥ እየተንቦጫቦጨ ከማስቸገር በቀር ሌሊት የጎደለውን በሃያ ደቂቃ አይሞላም። ቡና የለመደ ሰው ቢጠጣ ይጠቀማል፤ ካፌይን ሥራውን በደንብ የሚሠራው ከሠላሳ ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። ግን ቡና አንጀትንም ያነቃቃል። ስለዚህ አንድ ስኒ ከተነሱ ወዲያው ጠጥቶ ከቤት ሳይወጡ መጸዳጃ ቤት መግባት ነው ብልሃቱ። አቦል እስኪፈላ የሚጠብቅ ጊዜ የለም፤ ማታ በፔርሙስ የተቀመጠው ያገለግላል።

አሁን በኅዳሩ የታላቁ ሩጫ 10 ኪሎ ሜትር ላይ ለመሮጥ የምትዘጋጅ አንዲት የቢሮ ሠራተኛ እናስብ። ማክሰኞ ለአርባ ደቂቃ በዝግታ ትሮጣለች፤ አንድ ብርጭቆ ውኃ ጠጥታ ትወጣለች። ሐሙስ ስድስት ጊዜ ሦስት ሦስት ደቂቃ በፍጥነት የምትሮጥበት ቀን ነው፤ ስትነሳ ቡናዋን፣ ጫማዋን እያሰረች ግማሽ ሙዝ፣ ስታሟሙቅ ቀሪውን። እሑድ ሱሉልታ ወጥታ አንድ ሰዓት ተኩል ትሮጣለች። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ፦ መንገዱ ራሱ ጊዜ ነው። ከቤት ስትወጣ ሁለት ቁራጭ ነጭ ዳቦ በስሱ ማር ቀብታ በስኳር ሻይ ብትበላ፣ መኪናው እንጦጦን አልፎ እስኪደርስ ምግቡ እየወረደ ነው። ኪሷ ውስጥ ሁለት ቴምር ይዛ፣ ሩጫው አርባ አምስት ደቂቃ ሲሆነው ትበላቸዋለች።

ልኩን የሚነግራት የራሷ ሰውነት ነው። ገና ሁለተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ሆዷ ከከበዳትና ካገሳት፣ በዝቷል ወይም ዘግይቶ ተበልቷል። መነሻዋ ጥሩ ሆኖ ከሃምሳ ደቂቃ በኋላ ቀልቧ ከተበተነ፣ ፍጥነቷም ያለ ዳገት ከወረደ ግን፣ አንሷታል፤ ወይም እራቷን ሰላጣ ብቻ በልታ አድራለች። ሁለተኛውን በጠዋት ሙዝ ማካካስ ያስቸግራል።

በጾም ቀን እስከ ቀትር እህል የማይቀምስ ሰው ጠዋት በዝግታ ቢሮጥ ችግር የለውም፤ የፍጥነቱንና የረጅሙን ልምምድ ወደ ሌላ ቀን ያዙረው። በረመዳን ውኃም ስለማይጠጣ፣ ከጠዋቱ ይልቅ ማፍጠሪያ ሊደርስ ሲል መሮጥ ይቀላል። ኢንሱሊን ወይም የደም ስኳር የሚያወርድ ክኒን የሚወስድ ግን የተለየ ነው፤ በባዶ ሆድ ከመሮጡ በፊት ሐኪሙን ያማክር፣ ስኳሩን ይለካ፣ ከረሜላም ከኪሱ አይለየው።

በውድድሩ ቀን ደግሞ ሃያ ደቂቃው ከየት እንደሚቆጠር መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ሕዝቡ ብዙ ስለሆነ ሯጩ በማለዳ ይሰበሰባል፤ ቆሞ መጠበቅም አለ። ቤት የተበላው ሙዝ መነሻው እስኪተኮስ ጊዜው አልፎበት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ዳቦውን ቤት፣ ቴምሩን ሰልፍ ውስጥ፤ ያውም በልምምድ ጠዋቶች ሆድ የለመደውን እንጂ መንገድ ላይ የታደለውን አዲስ መጠጥ አይደለም።