ክኒኑ ሲቆም ብሶ የሚመጣው እንቅልፍ እጦት

የእንቅልፍ ክኒን ለወራት ሲወስድ የቆየ ሰው አንድ ቀን «በቃኝ» ብሎ ቢያቆም፣ በዚያው ሌሊት ወይም በማግስቱ እንቅልፍ ጭራሽ እምቢ ሊለው ይችላል። ሲገላበጥ ያነጋል። ልቡ ይመታል፤ ትንሽ ሸለብ ቢያደርገው እንኳ በቅዠት ይባንናል። መድኃኒቱን ከመጀመሩ በፊት እንኳ እንዲህ ሆኖ አያውቅም። በሦስተኛው ሌሊት ክኒኑን መልሶ ይውጥና ድብን ብሎ ይተኛል። ጠዋት ሲነሳም «ለካ ያለ መድኃኒት መተኛት አልችልም» ይላል። ድምዳሜው ስህተት ነው። እነዚያ ሁለት ሌሊቶች ያሳዩት የሰውየውን የእንቅልፍ ተፈጥሮ ሳይሆን መድኃኒቱ ሲወጣ የሚፈጥረውን ግርግር ነው።

ይህን ክስተት ራሱን የቻለ የሕክምና ችግር አድርገው ያሳወቁት አሜሪካዊው የእንቅልፍ ተመራማሪ አንቶኒ ኬልስና ባልደረቦቻቸው ናቸው። በ1978 እ.ኤ.አ. «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ባወጡት ጽሑፍ፣ ቤንዞዳያዜፒን ከሚባለው ወገን የሆኑ ሦስት የእንቅልፍ መድኃኒቶችን የወሰዱ ሰዎች ሌሊታቸው እንዴት እንዳለፈ አሳዩ። ሰዎቹ መድኃኒቱን ሲያቆሙ ነቅተው የሚያድሩበት ጊዜ ከመጀመራቸው በፊት ከነበረው በላይ ሆነ። ትልቁ ቁም ነገር ደግሞ እነዚህ ሰዎች በሱስ የተያዙ አለመሆናቸው ነው። የወሰዱት በሌሊት አንዴ፣ ያውም ለአጭር ጊዜ ብቻ ነበር።

ምክንያቱ ያለው አንጎል ውስጥ ነው። ጋባ የሚባል ንጥረ ነገር የአንጎልን ሕዋሳት ያረጋጋል፤ ዲያዜፓም፣ ሎራዜፓም፣ ዞልፒዴምና መሰሎቻቸው ደግሞ የጋባን ኃይል ያጎለብታሉ። ይህ በየሌሊቱ ሲደጋገም አንጎል ሚዛኑን ለመጠበቅ ለጋባ የሚሰጠውን ምላሽ ያደክማል፤ የሚያነቃቃውንም ወገን ያበረታል። ከውጭ የተዘጋ በርን በትከሻው ሲገፋ የቆየ ሰው በሩ ድንገት ቢከፈትለት ወደ ፊት ይወድቃል፤ ክኒኑ በአንድ ጊዜ የቀረበት አንጎልም የሚሆነው እንዲሁ ነው። የለመደውን ግፊት ለመተው ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት ያስፈልጉታል።

ችግሩ መቼ እንደሚጀምር የሚወስነው መድኃኒቱ ከሰውነት የሚወጣበት ፍጥነት ነው። ዞልፒዴም በሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ግማሹ ከደም ስለሚወጣ፣ ባቆሙበት በመጀመሪያው ሌሊት እንቅልፍ ይረበሻል። ብዙዎች ቫሊየም በሚል ስም የሚያውቁት ዲያዜፓም ግን እሱና ከእሱ የሚፈጠሩት ንጥረ ነገሮች ለቀናት በሰውነት ውስጥ ይቆያሉ። ስለዚህ ያቆመው ሰው ለጥቂት ቀናት ደህና ሆኖ ሰንብቶ፣ «ተገላገልኩ» ባለበት ሳምንት ሊረበሽ ይችላል። ይህን የማያውቅ ሰው ምክንያቱን ከመድኃኒቱ ጋር አያያይዘውም።

እዚህ ላይ ሦስት ነገሮችን መለየት ይጠቅማል። ብሶ የሚመለሰው እንቅልፍ እጦት ድንገት ይመጣል፣ ከቀድሞው ይከፋል፣ ብዙውን ጊዜም በጥቂት ቀናት ውስጥ እየበረደ ይሄዳል። የቀድሞው ሕመም ሲያገረሽ ግን ቀስ ብሎ ይመጣል፤ ልኩም ከድሮው አይዘልም፤ በራሱም አይለቅም። ሦስተኛው መድኃኒቱን የማቋረጥ ሕመም ነው። ይህ ከዚህ በፊት ያልነበሩ ምልክቶችን ያመጣል፤ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ላብ ያጠምቃል፣ ድምፅና ብርሃን ይረብሻል። ከፍተኛ መጠን ለረጅም ጊዜ ወስዶ በድንገት ያቆመ ሰው ደግሞ እንደሚጥል በሽታ ሊያንፈራግጠው፣ ሊቃዥና የሌለ ነገር ሊያይ ይችላል። ይህ ሕይወት ሊያሳጣ ስለሚችል ቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል የሚያስኬድ ነው።

መፍትሔው መጠኑን ቀስ በቀስ መቀነስ ነው። በእንግሊዝ ኒውካስል ከ1982 እስከ 1994 እ.ኤ.አ. ለዚሁ ችግር ክሊኒክ የመሩት ፕሮፌሰር ሄዘር አሽተን፣ ቶሎ ከሰውነት የሚወጡ መድኃኒቶችን በዲያዜፓም እየተኩ በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ በጥቂቱ ይቀንሱ ነበር። የአሜሪካ የሱስ ሕክምና ማኅበር ከሌሎች የሙያ ማኅበራት ጋር በ2025 ያወጣው መመሪያም ከ2 እስከ 4 ሳምንት ባለው ጊዜ ከ5 እስከ 10 በመቶ እየቀነሱ መጀመርን ይመክራል። በሁለት ሳምንት ውስጥ ከ25 በመቶ በላይ መቀነስን አይደግፍም።

ይህ በተግባር ምን ይመስላል? ለዓመታት በየሌሊቱ 10 ሚሊ ግራም ዲያዜፓም ስትወስድ የቆየች ሴት በምሳሌነት ትቅረብ። ሐኪሟ ባለ 5 እና ባለ 2 ሚሊ ግራም ክኒኖች ያዝዝላታል። ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት አንድ ባለ 5 እና ሁለት ባለ 2 ትወስዳለች፤ ድምሩ 9 ነው። ቀጥሎ አራት ባለ 2 ስትወስድ 8 ይሆናል፤ ከዚያ አንድ ባለ 5 እና አንድ ባለ 2፣ ማለትም 7። በዚህ አካሄድ በ10 ሳምንት 5 ላይ ትደርሳለች። ከዚህ በኋላ እርምጃው ማጠር አለበት፤ ምክንያቱም ከ10 ላይ አንድ ሚሊ ግራም መቀነስ አንድ አሥረኛ ሲሆን፣ ከ2 ላይ አንድ መቀነስ ግን ግማሹን መጣል ነው። ስለዚህ በየሁለት ሳምንቱ ግማሽ ሚሊ ግራም፣ ማለትም የባለ 2 ክኒን ሩብ ይቀነሳል። ይህም 20 ሳምንት ይጨምራል። በጠቅላላው 30 ሳምንት፣ ሰባት ወር ገደማ መሆኑ ነው። ከ2 ሚሊ ግራም በታች ያ ሩብ ክኒንም ስለሚከብድ ሐኪሙ ጊዜውን ሊያረዝም፣ ወይም ካለ በመርፌ የሚለካውን ፈሳሽ ዲያዜፓም ሊያዝዝ ይችላል።

ሰባት ወር ረጅም ይመስላል። ነገር ግን በየደረጃው የሚመጣው ረብሻ አነስተኛ ስለሆነ ሴትየዋ ሥራዋን እየሠራች ታልፈዋለች። አንዱ ደረጃ ከከበዳት ባለችበት መጠን ላይ ሁለት ሦስት ሳምንት ትቆያለች እንጂ ወደ ኋላ አትመለስም። አንድ ሌሊት እየዘለሉ መውሰድ ግን፣ በተለይ ቶሎ ለሚወጡት መድኃኒቶች፣ መቀነስ አይደለም። በተዘለለው ሌሊት ሁሉ አንጎል እንደ አዲስ ይረበሻል። ከሁሉ የከፋው ስሕተት ደግሞ የጎደለውን በአረቄ ወይም በቢራ መሙላት ነው፤ አልኮልም የሚሠራው በዚያው የጋባ መንገድ በመሆኑ አንዱን ጥገኝነት በሌላ መተካት ይሆናል።

መጠን መቀነስ ብቻውን ግን ሁልጊዜ አይበቃም። በ2004 እ.ኤ.አ. የታተመውና በካናዳ ኩቤክ የእንቅልፍ ተመራማሪው ሻርል ሞሪን የመሩት ጥናት 76 አረጋውያንን ያካተተ ነበር። በአማካይ ለ19 ዓመት መድኃኒቱን የወሰዱ ሰዎች ናቸው። በ10 ሳምንት መጠኑን ብቻ ቀስ በቀስ ከቀነሱት 48 በመቶው ያቆሙ ሲሆን፣ ከመቀነሱ ጋር የእንቅልፍ ልማድ ሥልጠና ከወሰዱት ግን 85 በመቶው አቆሙ። ሥልጠናው በየቀኑ በአንድ ሰዓት መነሳትን፣ አልጋን ለእንቅልፍ ብቻ መጠቀምን፣ እንቅልፍ እምቢ ሲል ከአልጋ ተነስቶ ሲመጣ ብቻ መመለስን ይጨምራል።

የሚጥል በሽታ ያለባት፣ ያረገዘች፣ ብዙ የሚጠጣ ወይም መድኃኒቱን በከፍተኛ መጠን የሚወስድ ሰው ይህን ሁሉ በቤቱ በግሉ መጀመር የለበትም። ሌላውም ቢሆን ክኒኑን ከማቆሙ በፊት የሚወስደውን መጠንና የወሰደበትን ጊዜ በወረቀት ጽፎ ወደ ሐኪሙ ይሂድ፤ የመቀነሻውንም ሰሌዳ በጽሑፍ ያሠራ።