የእንቅልፍ ክኒን በአንድ ጊዜ አይተውም

ሐኪሟ ሄዘር አሽተን እ.ኤ.አ. በ1982 በእንግሊዝ ኒውካስል ከተማ ልዩ ክሊኒክ ከፍተው አሥራ ሁለት ዓመት ሠሩበት። ወደ እሳቸው ከሚመጡት አብዛኞቹ ሱሰኛ የሚባሉ ዓይነት ሰዎች አልነበሩም። ሐኪም ያዘዘላቸውን የጭንቀት ወይም የእንቅልፍ ክኒን፣ ከታዘዘው ሳያልፉ፣ ለዓመታት የዋጡ ናቸው። መተው ግን አልቻሉም።

ክኒኖቹ ቤንዞዳያዜፒን ከሚባለው ወገን ናቸው። ብዙ ሰው በቫልየም ስሙ የሚያውቀው ዳያዜፓም፣ እንዲሁም ሎራዜፓም፣ አልፕራዞላምና ብሮማዜፓም ከዚሁ ይመደባሉ። አንጎላችን ራሱን የሚያረጋጋበት ጋባ የሚባል ንጥረ ነገር አለው፤ ክኒኑ የሚሠራው የጋባን ኃይል በማጉላት ነው። መድኃኒቱ በየቀኑ ለሳምንታት ሲወሰድ ግን አንጎል ዝም ብሎ አይቀበለውም። ለጋባ የሚሰጠውን ምላሽ እየቀነሰ፣ የሚያነቃቃውን ወገን እያበረታ ይሄዳል። በርን ከውጭ የሚገፋ ሰው ሲኖር ከውስጥ በትከሻ ደግፎ እንደ መያዝ ነው፤ የውጪው ሰው ድንገት እጁን ካነሳ የውስጡ ተንደርድሮ ይወድቃል።

ውድቀቱ ቀላል አይደለም። እንቅልፍ ይጠፋል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ላብ ያጠምቃል፣ ልብ ይመታል። ሲከፋም በሕይወቱ አንዘፍዝፎት የማያውቅ ሰው እንደ ሚጥል በሽታ ያንዘፈዝፈዋል፤ የሌለ ነገር ይታየዋል፣ ያለበትን ቦታ ይስታል። ሕይወቱም ሊያልፍ ይችላል።

ብዙዎችን የሚያታልለው ሕመሙ የሚጀምርበት ጊዜ ነው። ሎራዜፓምና አልፕራዞላም ከሰውነት ቶሎ ስለሚወጡ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ይታወቃል። ዳያዜፓም ግን ቀስ ብሎ ስለሚወጣ ያቆመው ሰው ለቀናት ደህና ይሆንና «ይኸው ተገላገልኩ» ይላል። ሕመሙ ሳምንት ቆይቶ ሲመጣ ከክኒኑ ጋር የሚያያይዘው የለም።

ታዲያ እንዴት ይተዋል? ለሦስት ዓመት በቀን 20 ሚሊግራም ዳያዜፓም የወሰደች ሴት አለች እንበል። ሐኪሟ በየሁለት ሳምንቱ 2 ሚሊግራም ይቀንስላታል፤ በአሥር ሳምንት 10 ላይ ትደርሳለች። ከዚያ ቅነሳው ወደ 1 ሚሊግራም ይወርዳል፤ 5 እስክትደርስ ሌላ አሥር ሳምንት። የመጨረሻዎቹ 5 ሚሊግራሞች በግማሽ በግማሽ ሚሊግራም ስለሚቀነሱ ብቻቸውን ሃያ ሳምንት ይፈጃሉ። ጠቅላላው አርባ ሳምንት ነው።

መጨረሻው ላይ ይህን ያህል መንቀርፈፍ ለምን? ከ20 ወደ 18 መውረድ አንድ አሥረኛ መቀነስ ነው፤ ከ4 ወደ 2 መውረድ ግን ግማሹን መንጠቅ ነው። አንጎል የሚሰማው የቁጥሩን ልዩነት ሳይሆን ከቀረው ላይ የተወሰደውን ድርሻ ነው። «ትንሽ ነው የቀረኝ» ብሎ የመጨረሻዎቹን በአንዴ መጣል ወራት የተለፋበትን ሥራ ያበላሻል። ቶሎ የሚወጣ መድኃኒት የሚወስዱ አንዳንዶችን ሐኪሙ በቅድሚያ ወደ ዳያዜፓም ያዞራቸዋል። መጠኖቹ እኩል ስላልሆኑ ስሌቱ የባለሙያ ነው፤ በአሽተን ግምት 1 ሚሊግራም ሎራዜፓም ከ10 ሚሊግራም ዳያዜፓም ይስተካከላል።

ዕቅዱ የተጻፈ ሕግ አይደለም። ያቺ ሴት 12 ላይ ስትደርስ እንቅልፍ ቢነሳት፣ ድምፅ ቢያስደነግጣት፣ ጆሮዋ ቢጮህ፣ እዚያው 12 ላይ ለጥቂት ሳምንት መቆየት ትችላለች። ብዙ ጊዜ በዚህ ሰዓት ቤተሰብ «ጭንቀቷ ተመለሰ» ብሎ ይደመድማል። ቀድሞ ያልነበረ ምልክት፣ እንደ ጆሮ ጩኸት፣ ብርሃን መፍራት ወይም የቆዳ መውረር ያለ፣ ከቅነሳው በኋላ መጥቶ ቀስ በቀስ ከቀለለ ግን የመቀነሱ ሕመም የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ክፉ ቀን በመጣ ቁጥር ተጨማሪ ክኒን መዋጥ መጠኑን ከፍ ዝቅ እያደረገ ያናውጣል። በአልኮል መተካት ደግሞ የባሰ ነው፤ አልኮልም በዚያው በጋባ በኩል ይሠራል፣ ከክኒኑ ጋር ሲገናኝም እስትንፋስን ሊያፍን ይችላል።

ነፍሰ ጡር የሆነች፣ ከዚህ በፊት ያንዘፈዘፈው፣ ብዙ መጠን ወይም ከመጠጥ ጋር የሚወስድ ሰው ቅነሳውን ቤቱ ሆኖ አይጀምርም፤ ሆስፒታል መተኛት የሚያስፈልገውም አለ። ሩቅ መንገድ የሚሄድም ክኒኑ እንዳያልቅበት አስቀድሞ ያስብ፤ ሳያስቡት ከሚያቆሙት ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነው።

እርስዎ ወይም ቤተሰብዎ ይህን ክኒን ለወራት ሲወስዱ ከነበረ፣ ሐኪም ሳያዩ ዛሬ የሚዋጠውን መጠን አይቀንሱ። አቁሞ የሚያንዘፈዝፈው ወይም የሚቃዥ ሰው ካለ ነገን ሳይጠብቁ ሆስፒታል ያድርሱት፤ ምን ክኒን እንደተወና መቼ እንደተወም ለሐኪሙ ይንገሩ።